"ሞትን ትሞታለህ" ሁለት ሞት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ ዘፍጥረት 2፥17 ላይ "ሞትን ትሞታለህ" ሲል ሞት ሁለቴ የተጠራው የነፍስና የሥጋ ሞት ስለሆነ ነው ብዬ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተማርኩ፣ አንድ ልጅ ግን ዕብራይስጡ እንደዛ አይልም አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ ልጁ ልክ ነው፣ አመስግነው። ይሄን ትርጓሜ ስንቴ እንደሰማሁት!

ዕብራይስጡ "ሞት ታሙት" ይላል። "ሞት" የሚለው ድምፅ የኛን ሞት ስለሚመስል ያታልላል እንጂ እዚህ ስም አይደለም፤ ስሙ "ማቬት" ነው። ይሄ የራሱ የ"ትሞታለህ" ግስ ሌላ መልክ ነው፣ ከግሱ ፊት የሚቆመው ነገሩን ለማጽናት ነው። ማስረጃው እዛው ከፍ ብሎ ቁጥር 16 ላይ አለ፦ "አኾል ቶኼል"፣ እዚያም መብላት ሁለቴ ተጠርቷል፣ ታዲያ የነፍስና የሥጋ መብላት ልንል ነው? አማርኛው ግን "ትበላለህ" ብሎ አልፎታል፣ ስለዚህ ማንም ሳያየው ይቀራል። አንደኛ ነገሥት 2 ላይም ሰሎሞን ሳሚን ከኢየሩሳሌም በወጣህ ቀን "ሞት ታሙት" ብሎታል፣ ሳሚ ወጣ፣ የንጉሡ ሹም በናያስም በሰሎሞን ትእዛዝ ገደለው፣ አንዴ ነው የሞተው።

እንዴት እንተርጉመው ካልክ ቃሉን መድገም አያዋጣም። በአማርኛ "መብላቱንስ ትበላለህ" ስትል ሰሚው "ግን..." የሚለውን ነው የሚጠብቀው፣ እኛ ጋ መድገም ማጽናት ሳይሆን ማላላት ይሆናል። ስለዚህ ሐሳቡን አይተህ ነው፦ ፈቃድ ሲሆን "እንደ ልብህ ብላ"፣ ማስጠንቀቂያ ሲሆን "መሞትህ አይቀርም"፣ ሕግ ሲሆን ደግሞ ዘጸአት 21 ላይ ተርጓሚዎቹ ራሳቸው "ፈጽሞ ይገደል" ብለውታል፣ በጣም ያምራል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ዘፍጥረት 3፥4 ላይ እባቡ ያንኑ የእግዚአብሔርን ቃል አንስቶ ፊቱ ላይ "ሎ" ማለትም አፍራሽ ቃል ለጥፎበት ነው ሔዋንን የሚያታልላት። አማርኛችን "ሞትን ትሞታለህ"፣ "ሞትን አትሞቱም" ብሎ ይሄን ጠብቆታል፣ ለዚህ አከብረዋለሁ። አንተ 2፥17ን "መሞትህ አይቀርም" ካልከው 3፥4ንም "መሞታችሁ አይቀርም የተባለው ውሸት ነው" ብለህ አብረህ ቀይረው፣ አለዚያ እባቡ የማንን ቃል እንደሰረቀ ልጆቹ አያዩም።

የነፍስ ሞት ትምህርትህን ግን አልነካብህም፣ እሱ እውነት ነው፣ ኤፌሶን 2፥1 ላይ በኃጢአት ሙታን ነበራችሁ ይላል፣ ከዚያ አስተምረው። እሑድ ስትገባ መጀመሪያ ቁጥር 16ን ከልጁ ጋር አንብቡት፣ የሞቱን ማስጠንቀቂያ ሳይናገር በፊት እግዚአብሔር በዚያው አጽንኦት "እንደ ልብህ ብላ" ማለቱን እሱ ራሱ ለጓደኞቹ ይንገራቸው።