የወሊድና የዓመት ፈቃድ አንድ ላይ ሲጠየቅ ቀኑ እንዴት ይቆጠራል?

«ሰላም እህቶች፣ የመጀመሪያ ልጄን እየጠበቅኩ ነው፣ የምሠራው የግል ድርጅት ውስጥ ነው። የወሊድ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ቀኖቹን እንዴት ነው የምጽፈው? ያልወሰድኩት የዓመት እረፍትም አለኝ፣ ከወሊዱ ጋር ደርቤ መውሰድ እችላለሁ? መቼ እመለሳለሁ ብዬ ልጻፍ?»

እህቴ በሽልም ያውጣሽ። እኔ ገላን በኩል ያለ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የወለድኩት ጥር 2017 ነው። ይሄን የቀን ቆጠራ ነገር ተከራክሬበት ስለማውቀው ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው። የምነግርሽ የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተውን፣ አዋጅ 1156/2011ን ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ አላቸው፣ እነሱ በዚህ እንዳይሄዱ።

ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። የወሊድ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ እኩል አይቆጠሩም። ወሊዱ በተከታታይ ቀን ነው፦ 30 ቀን ከመውለድሽ በፊት፣ 90 ቀን ከወለድሽ በኋላ። እሁዱም፣ ገናውም፣ ፋሲካውም እዚያው ውስጥ ይበላል። የዓመት ፈቃድ ግን በሥራ ቀን ነው። እሁድና በዓል አይነኩትም። ሁለቱን አጣብቀሽ ስትጠይቂ ኤች አር በአንድ ዓይነት ከቆጠረልሽ የሚጎድለው ካንቺ ነው።

የኔን ልንገርሽ። አልትራሳውንዱ ላይ የመውለጃ ቀኔ 03/02/2025 ይላል። እኔ ማመልከቻ ሳልጽፍ ወረቀቱን ብቻ ኮፒ አድርጌ ሰጠሁ፣ ምን አወቅኩ። የፈቃድ ደብዳቤው ሲመጣ ከጥር 23 ጀምሮ ይላል። ግራ ገባኝ። ለካ የኤች አሯ ልጅ ወሩን አስቀድማ አንብባ ማርች 2 አድርጋዋለች። የኔ ፌብሩዋሪ 3 ነበር፣ በእኛ ጥር 26። ያንን ዝም ብዬ ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ፈቃዴ የሚጀምረው ከወለድኩ በኋላ ነበር፣ ምክንያቱም ልጄ ጥር 19 ነው የመጣው። ስለዚህ ሐኪምሽን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል ጽፎ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት እንዲሰጥሽ ጠይቂው። ማመልከቻሽም ላይ «ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብለሽ በስሙ ጻፊው፣ በቁጥርና በእዝባር እንዳትተዪው።

ቆጠራው ከባድ አይደለም። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 30 ቀን ወደ ኋላ ማለት አንድ ወር ነው። መውለጃሽ ጥር 26 ከሆነ ፈቃድሽ ታኅሣሥ 26 ይጀምርና ጥር 25 ያልቃል። ከወለድሽ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ወደፊት ነው፦ ጥር 26 ብትወልጂ ከማግስቱ ጀምሮ ስንቆጥር 90ኛው ቀን ሚያዝያ 26 ላይ ይውላል። እኛ ጋ ከማግስቱ ነው የሚቆጥሩት፣ አንቺ ጋ ከወለድሽበት ቀን ከጀመሩ አንድ ቀን ይለያያል፣ ቀድመሽ ጠይቂያቸው። ጳጉሜን በመሀል ካለች ግን ተጠንቀቂ። ሐምሌ 10 የወለደች ሴት 90 ቀኗ ጥቅምት 10 ሳይሆን ጥቅምት 5 ላይ ያልቃል፣ አምስቱን ቀን ጳጉሜን ወስዳዋለችና። በስድስት ቀን ጳጉሜን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ትቀንሺያለሽ።

አሁን የዓመት ፈቃዱ። በአዋጁ የመጀመሪያ ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየተጨማሪ ሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። እኔ ሦስት ዓመት ስለሞላኝ 17 ነበረኝ፣ እናቴ ስትታመም 3 ቀን ወሰድኩ፣ 14 ቀረ። የቀረሽን ቀን በራስሽ ግምት እንዳትጽፊ፣ ኤች አር ካርድሽን አይቶ ቁጥሩን በጽሑፍ ይስጥሽ። እኔ 15 ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ አንዷን ቀን ረስቻታለሁ።

ደርበሽ መውሰድ ትችያለሽ ወይ ላልሽው፦ ወሊዱ መብትሽ ነው፣ አይለመንም። የዓመት ፈቃዱም መብትሽ ነው፣ ግን መቼ እንደሚወሰድ የሚወሰነው በድርጅቱ ፕሮግራም ነው፣ ያንቺንም ፍላጎት የሥራውንም ሁኔታ አይተው። ስለዚህ ወዲያው ከወሊዱ ቀጥሎ እንዲሆን ከፈለግሽ መጠየቅና መስማማት አለብሽ። ለዚህ ነው በአንድ ደብዳቤ በሁለት አንቀጽ ለያይተሽ ጻፊ የምልሽ። አንድ ላይ ካደባለቅሽው ሁለተኛው ላይ ያለው ጭቅጭቅ የመጀመሪያውንም ያዘገየዋል። የኔ አለቃ መጀመሪያ «14ቱን ቀን በገንዘብ ይከፈልሽና ቶሎ ተመለሺ» ብሎኝ ነበር። ሥራ ላይ እያለሽ የዓመት ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ አይፈቀድም፣ ገንዘብ የሚሆነው ከሥራ ስትለቂ ነው። አሁን አይመቸንም ካሉሽ ሊያስተላልፉት ይችላሉ፣ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አይገፋም።

እኔ በመጨረሻ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፣ ስምና ቦታውን ቀይሪው፦

«ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ የወሊድ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ
ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ በሐኪም ማስረጃ መሠረት የምወልድበት ቀን ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደሚሆን ይጠበቃል። ስለዚህ ከታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 30 ተከታታይ ቀን የቅድመ ወሊድ፣ ከወለድኩ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን የድህረ ወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።
በተጨማሪ ያልተጠቀምኩበት 14 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ስላለኝ ከድህረ ወሊድ ፈቃዴ ቀጥሎ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።
በሚጠበቀው ቀን ከወለድኩ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ እጀምራለሁ። የምወልድበት ቀን ከተለወጠ የመመለሻዬ ቀንም በዚያው ልክ እንዲስተካከል የወሊድ ማስረጃዬን አቀርባለሁ።»

ግንቦት 14 ከየት መጣ? ወሊዱ ሚያዝያ 26 እሁድ ያልቃል። ሚያዝያ 27 ሰኞ የአርበኞች ቀን ነው፣ በዓል ስለሆነ ከዓመት ፈቃዴ አይቀነስም። 14ቱ የሚጀምሩት ማክሰኞ ነው። እኛ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስለምንሠራ ቅዳሜን ቆጥሬ እሁዶቹን ዘለልኩ፣ 14ኛው ቀን ረቡዕ ግንቦት 13 ላይ ዋለ። ሐሙስ ሥራ ማለት ነው። አንቺ ጋ ቅዳሜ ሥራ ከሌለ ቅዳሜንም ዝለይ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ቤት ከሆነ እንዴት እንደሚይዙት ጠይቂ፣ እዚህ ላይ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ልማድ አለው።

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር፣ «ከተለወጠ ይስተካከል» የምትለዋ፣ እንዳትረሺያት። ልጅ የራሱን ቀን ነው የሚመርጠው። እኔ ሰባት ቀን ቀድሜ ጥር 19 ወለድኩ። ቀድመሽ ከወለድሽ 90ው ቀን ወዲያው ይጀምራል፣ ከቅድመ ወሊዱ የተረፈው ቀን ወደ ኋላ አይዞርልሽም። አንዳንዶች «እስከ ምጤ ድረስ ልሥራና 120ውን ከልጄ ጋር ላሳልፍ» ይላሉ። አዋጁ እንደዚህ አይልም፣ ድህረ ወሊዱ 90 ነው። ድርጅትሽ በውስጥ ደንቡ ወይም በኅብረት ስምምነቱ የተሻለ ከሰጠሽ ሌላ ነገር ነው። ካለፈብሽ ደግሞ፣ 30ው ቀን አልቆ ልጁ ካልመጣ፣ ሐኪም ይጻፍልሽና እስክትወልጂ ፈቃዱ ይቀጥላል፤ 90ው ያኔም የሚነሳው ከወለድሽ ነው። ጎረቤቴ አምስት ቀን አልፎባት ያንን የሐኪም ወረቀት ሳታስገባ ቀርታ እንደቀረች ተመዝግቦባት ነበር፣ በኋላ ነው የተስተካከለላት።

ጥር 19 በመውለዴ 90ው ቀን ሚያዝያ 19 እሁድ አለቀ። ባለቤቴ የሆስፒታሉን የወሊድ ማስረጃ በሳምንቱ አስገብቶልኝ ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ላይ ዶሮ እየጠየቅኩ ሳለ ስልክ ተደወለ፣ «ግንቦት 4 ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ» ተባልኩ። ከሚያዝያ 20 ጀምረው 14 ቀን በተከታታይ ቆጥረው ነው፣ ግንቦት 3 ላይ ጨርሰውታል። የግድግዳ ካላንደር አወረድኩና በእስክሪብቶ ቀን በቀን ምልክት አደረግኩ። ሁለት እሁድ አለ። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን። አራት ቀን በልተውብኛል ማለት ነው። ትክክለኛው 14ኛ ቀን ሐሙስ ግንቦት 7 ነበር፣ መመለሻዬ አርብ ግንቦት 8።

ካላንደሩን ፎቶ አንስቼ ለኤች አሩ በቴሌግራም ላክሁለት። መጀመሪያ «ፈቃድ ፈቃድ ነው፣ እሁድም ይቆጠራል» አለኝ። እኔም ክርክር ውስጥ ሳልገባ፣ ያጸደቁት ደብዳቤ ላይ «14 የሥራ ቀን» የሚለውን አክብቤ መልሼ ላክሁለት። የራሳቸው ፊርማ ያለበት ነው። በነጋታው ግንቦት 8 ብለው አስተካከሉት። «14 ቀን» ብቻ ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግን ወገቤን ይዤ ስሟገት ነበር የምከርመው።

ሌላው ትንሽ ነገር፦ ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጂ። አንዱን መዝገብ ቤት ተቀብሎ ሌላው ላይ «ገቢ» ብሎ ቀንና ማህተም ያድርግልሽ፣ እሱን ቤት ይዘሽ ሂጂ። በቃል «ነግሬያቸዋለሁ» የምትለው ነገር አለቃው ሲቀየር አብራ ትሄዳለች። ስትወልጂ ደግሞ ሁለተኛ አጭር ወረቀት አስገቢ፦ በዚህ ቀን ወልጃለሁ፣ ድህረ ወሊዱ በዚህ ቀን ያልቃል፣ የዓመት ፈቃዴ በዚህ ቀን ጀምሮ በዚህ ቀን ያልቃል፣ በዚህ ቀን እገባለሁ። አራት መስመር ነው። አሁኑኑ ቀኖቹን ባዶ ትተሽ ጽፈሽ ለባለቤትሽ ወይም ለእህትሽ ስጪያት፣ አራስ ቤት ሆነሽ ለመጻፍ ጊዜም ጉልበትም አይኖርሽም።

የመውለጃ ቀንሽንና የቀረሽን የዓመት ፈቃድ እዚህ ከጻፍሽልኝ ካላንደር ላይ አብረን እንቆጥረዋለን። ቅዳሜ ትሠሩ እንደሆነ ብቻ አብረሽ ንገሪኝ።