ቀብድ ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? ከማራኪ ሰፈሩ በያጅ ከጋሼ ጋር ጥያቄና መልስ

ጀማሪ በያጅ፣ አዘዞ፦ ጋሼ፣ ስንት ቀብድ ልቀበል? በር ገጥሜ ቀሪውን ሁለት ሰው በላኝ።

ጋሼ፦ መጀመሪያ "ቀብድ" የሚለውን ቃል ከውልህ አውጣው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ብረቱን ቆርጠህ ስታበቃ ሰውዬው "ቀብዱ ይቅርብኝ" ቢልህ ምን ይውጥሃል? እኔ "የዕቃ መግዣ ቅድሚያ ክፍያ" እላለሁ፤ ብረት ከተቆረጠ በኋላ ውሉ ቢፈርስ እስከዚያ የተሠራው እንደሚከፈልም እጨምራለሁ።

አሁን ወደ ስንቱ። የ120 ሺህ ብር የግቢ በር ያዝክ እንበል። ላሜራው፣ ቱቦላሬው፣ ኤሌክትሮዱና ቀለሙ 70 ሺህ ከፈጀ፣ መጀመሪያ 70 ትቀበላለህ። በሩ ተበይዶ አንቲረስት ሲቀባ ደንበኛው ሱቅህ መጥቶ ይለካዋል፤ መኪና ላይ ሳይጫን 40 ይከፍላል። ተገጥሞ ቁልፍ ስታስረክብ 10 ይቀራል። ያቺን ቢክድህ አትሞትም። ሁለተኛው ላይ ቢጠፋ ግን ጉልበትህ ይቀልጣል፤ በሩ እጅህ ላይ ቢሆንም ልኩ የእሱ ስለሆነ በርካሽ ነው የምትሸጠው።

ውሉ ላይ "ሥራው ሲጋመስ" ብለህ እንዳትጽፍ! አንተ ተጋመሰ ስትል እሱ ገና ነው ይላል።

ባለሱቅ፣ ፒያሳ፦ ሰው አታስፈራራ እንጂ። ቀብድ ተበላ ማለት አይመለስም ማለት ነው፣ አለቀ።

ጋሼ፦ ያ ለሰጪው ነው። እኔ አንዴ 20 ሺህ በቀብድ ስም ተቀብዬ ሌላ ሥራ በለጠብኝና ተውኩት። ሽማግሌ ፊት 40 ቆጠርኩ።

የሰርግ ፎቶ አንሺ፦ እኛስ? ጥር ላይ አንስተን አልበሙን ሰኔ ድረስ የሚወስደው የለም።

ጋሼ፦ የፎቶ ሥራ አላውቅም። አልበም ሳይታተም ዋናው ይከፈል ባይ ነኝ።

ባለጣውላ፦ ፐርሰንቱን ብቻ ንገረን፣ ስንት ይሁን?

ጋሼ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ! ዕቃው ስንት ነው የፈጀብህ? እሱ ነው መልሱ።

ጀማሪ በያጅ፦ አጎቴ ለጥምቀት ይድረስልኝ ብሎኛል። እሱንም ውል ፈርም ልበለው?

ባለሱቅ፦ ነውር ነው! ዘመድ እንዴት ይፈርማል?

ባለጣውላ፦ እኔን የበላኝ ዘመዴ ነው። አስፈርመው።

ጋሼ፦ እሱን ተከራከሩ፣ እኔ ቤተሰብ ውስጥ አልገባም። ብቻ የላሜራውን ዋጋ አጎትህ ራሱ ለነጋዴው ይክፈል።

የሰርግ ፎቶ አንሺ፦ የቴሌብር ስክሪንሾት ሲልኩ ሥራ መጀመር ይቻላል?

ጋሼ፦ አይቻልም። የራስህን ሒሳብ ከፍተህ ብሩን እይ። ደግሞ ቀብድ አትበሉ አልኩ እኮ።