የትምህርት ክፍላችንን ልጆች በየዓመቱ የሚቀጥረው ማን ነው? ጥያቄና መልስ

የመጨረሻ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ፦ የዩኒቨርሲቲያችን የሥራ ትስስር ቢሮ ሄጄ «ሥራ አለ?» ብዬ ስጠይቅ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አሳዩኝ። ከዚያ ያለፈ የሚሰጡኝ ነገር ይኖራል?

ይኖራል፤ ነገር ግን በስሙ ጠርተህ ካልጠየቅህ አይወጣልህም። እንዲህ ባለ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። «ሥራ አለ?» ብሎ ለሚመጣ ተማሪ የምናሳየው የዚያን ሳምንት ማስታወቂያ ነበር፤ ጥያቄው ራሱ ከዚያ አያሳልፍም። አንተን የሚጠቅምህ ያለፈው መዝገብ ነው። አብዛኛው ቢሮ ምሩቃን የት እንደደረሱ የሚጠይቅበት የክትትል ጥናት አለው። ሠራተኛ ፍለጋ ወደ ግቢው የመጡ መሥሪያ ቤቶች መቼ እንደመጡና የየትኛውን ትምህርት ክፍል ልጆች እንደፈለጉም በአንድ መዝገብ ይይዛል። ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ የሚቀበሉ ድርጅቶች ዝርዝርም እዚያው ወይም በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እጅ ይገኛል።

እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ «ባለፉት 5 ዓመታት ከትምህርት ክፍላችን የተመረቁ ልጆች የተቀጠሩባቸውን መሥሪያ ቤቶች ስም በምረቃ ዓመት ተለይቶ ማየት እችላለሁ? የሰው ስም አያስፈልገኝም።» በሩን የምትከፍትልህ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ሠራተኛው የሚሰጋው የምሩቃንን የግል መረጃ አሳልፎ መስጠትን ነው፤ እሱን እንደማትፈልግ ቀድመህ ከነገርኸው ሥጋቱ ይቀንሳል። ደግሞም የምረቃ ሰሞን አትሂድ። በዚያን ጊዜ ማንም ፋይል አገላብጦ የሚያስረዳህ ፋታ የለውም።

የአካውንቲንግ ተማሪ፦ እኔ ጥናቱን አግኝቻለሁ። ብዙ ሰው የቀጠረውን ድርጅት አንደኛ አድርጌ በቁጥር ቅደም ተከተል ባመለክት አይበቃም?

አይበቃም፤ እንዲያውም ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የምትቆጥሪው የሰዎቹን ብዛት ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ የቀጠረባቸውን ዓመታት ነው። በኤክሴል ላይ መሥሪያ ቤቶቹን ወደ ታች፣ የምረቃ ዓመታቱን ወደ ጎን ደርድሪ። እንዲህ ያለ ነገር መጣልሽ እንበል፦

| መሥሪያ ቤት | 1ኛ ዓመት | 2ኛ ዓመት | 3ኛ ዓመት | 4ኛ ዓመት | 5ኛ ዓመት | ድምር |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሀ | 0 | 0 | 11 | 0 | 0 | 11 |
| ለ | 2 | 1 | 2 | 2 | 0 | 7 |
| ሐ | 0 | 1 | 1 | 2 | 2 | 6 |

በድምር ብንሄድ ሀ ይመራል። ሆኖም 11ዱንም የቀጠረው በአንድ ዓመት ነው። ምናልባት አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቶ ወይም ትልቅ ፕሮጀክት አግኝቶ ይሆናል፤ ቦታው ከሞላ በኋላ አልተመለሰም። ለ እና ሐ ግን ከ5ቱ ዓመታት በ4ቱ ቀጥረዋል። መደበኛ ቀጣሪ የምለው እንደነዚህ ያለውን ነው፤ ቀድሜ የምጀምረውም በሐ ነው፤ ቁጥሩ እያደገ መጥቷልና።

ከመቁጠርሽ በፊት ስሞቹን አስተካክዪ። አንዱ ልጅ የመሥሪያ ቤቱን ሙሉ ስም፣ ሌላው ምህጻረ ቃሉን፣ ሦስተኛው የእህት ኩባንያውን ስም ይሞላል። ሦስት ተራ ላይ ተበታትኖ የጠፋ መደበኛ ቀጣሪ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በተጨማሪም ከተመራቂዎቹ ስንቱ መልስ እንደሰጠ ተመልከቺ። 60 ልጆች ተመርቀው 24 ብቻ ከመለሱ፣ «0» የሚለው ሳጥን «ማንም አልተቀጠረም» ማለት ሳይሆን «አልሰማንም» ሊሆን ይችላል። መረጃው የተሰበሰበበት ጊዜም ልዩነት ያመጣል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከምረቃ በኋላ እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ሲጠይቁ፣ የብሪታንያው አገር አቀፍ ጥናት የሚጠይቀው ከ15 ወር ገደማ በኋላ ነው። በ6ኛው ወር ጊዜያዊ ሥራ ላይ የነበረ ልጅ በ15ኛው ወር በሙያው ሊገኝ ይችላል።

በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ፦ ቢሮ መመላለስ ጊዜ ማባከን ነው። ሊንክድኢን ላይ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ከፍቶ `Alumni` የሚለውን መጫን ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ግማሹ ልክ ነው። ያ መሣሪያ ጥሩ ነው፤ የተማሩበትን መስክና የትምህርት ዘመናቸውን መርጦ ምሩቃኑ አሁን የት እንደሚሠሩ ያሳያል። ችግሩ ያለው «አሁን» በሚለው ላይ ነው። አንድ ኩባንያ ውስጥ 20 የእናንተ ክፍል ልጆች ብታይ፣ 18ቱ ሌላ ቦታ አምስትና ስድስት ዓመት ሠርተው በልምድ የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ኩባንያ ልጆቻችሁን ይወዳል፤ አዲስ ተመራቂ ግን አይቀጥርም። ስለዚህ ያለፉትን 4 ወይም 5 የምረቃ ዓመታት ብቻ ምረጥና የሰዎቹን ገጽ አንድ በአንድ እየከፈትህ የተመረቁበትን ዓመት ሥራ ከጀመሩበት ወር ጋር አስተያይ። በአንድ ዓመት ውስጥ የገቡትን ብቻ ቁጠር።

ሌላም አለ። በአንተ ሙያ ሁሉም ሰው ገጽ ስላለው ምስሉ ሙሉ መስሎ ታይቶህ ይሆናል። በላቦራቶሪ፣ በማስተማር ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ምሩቃን ግን ብዙዎቹ እዚያ ላይ የሉም። ለእነርሱ የቢሮው መዝገብና የምሩቃን ማኅበሩ ዝርዝር ይሻላል። ቢሮውም በበኩሉ ወደ ግቢው የማይመጡትን ትንንሽ ድርጅቶች አያውቃቸውም። ሁለቱንም ይዞ ማስተያየት ነው።

በማርኬቲንግ የተመረቀች፦ እኔን ዝርዝሩ አሳስቶኛል። አንድ ባንክ ውስጥ 14 የእኛ ክፍል ልጆች አገኘሁና በማርኬቲንግ ክፍሉ ለመሥራት አመለከትኩ። የጠሩኝ ግን ለገንዘብ ተቀባይነት ፈተና ነው።

14 ሲታይ ብዙ ይመስላል። ከስንት 14 እንደሆነ ግን ጠይቂ። ባንኩ ውስጥ ከመላው ዩኒቨርሲቲያችሁ 230 ምሩቃን አሉ፣ የእናንተ ክፍል ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ተመራቂ 6 በመቶ ያህል ነው እንበል። የ230 6 በመቶ 14 ገደማ ነው። ባንኩ ማንኛውንም ዲግሪ ይቀጥራል ማለት ነው፤ የእናንተን ክፍል ለይቶ አልፈለገም። በአንጻሩ 12 ምሩቃን ብቻ ያሉት አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ 7ቱ የእናንተ ከሆኑ፣ እዚያ ውስጥ ሙያችሁን የሚያውቅ ሰው አለ። የሥራ መደባቸውን መጠሪያም አብረሽ መዝግቢ፤ ያን አድርገሽ ቢሆን ኖሮ 14ቱም የት እንደጀመሩ ከማመልከትሽ በፊት ታዪው ነበር።

ይህ ማለት ግን ባንኩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በገንዘብ ተቀባይነት ገብተው ወደ ማርኬቲንግ የተዛወሩ ካሉ፣ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ከገጻቸው ላይ ይነበባል።

እናት፦ ልጄ ዓይን አፋር ናት። እኔ ራሴ ቢሮው ሄጄ ባናግራቸው ያስቀጥሩልኛል?

እናቴ፣ ቢሮው ያገናኛል እንጂ አይቀጥርም። አዋቂ ስለሆነች ተማሪ ጉዳይ ከወላጅ ጋር መነጋገርም አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድለትም፤ እርስዎን ንቀው እንዳይመስልዎ። መናገር የምትፈራ ከሆነ ጥያቄዋን በኢሜይል ትላክ። ከላይ ለኬሚስትሪው ተማሪ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ መውሰድ ትችላለች።

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ፦ ሁለት ሦስት መደበኛ ቀጣሪዎች ለይቻለሁ፤ እዚያ የሚሠሩ ምሩቃን ስምም አለኝ። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

ከተመረቀ ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆነውን ምረጥ። ኃላፊ የሆነው ምሩቅ የገባበት በር ዛሬ ላይኖር ይችላል፤ በቅርቡ የገባው ግን መንገዱን ከነወሩ ያስታውሰዋል። ሥራ አትጠይቀው፤ እንዴት እንደገባ ጠይቀው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ በተመረቁበት ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ ከክፍላችን ልጆች በየዓመቱ እንደሚቀጥር አይቻለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ብጠይቅዎ? ክፍት ቦታውን የሰሙት በምን መንገድና በየትኛው ወር ነበር? መጀመሪያ የተፈተኑት በምን ላይ ነው?»

ሦስት ሰው «የተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ እዚያው አስቀሩኝ» ካለህ፣ የዚያ መሥሪያ ቤት በር ልምምዱ ነው፤ ከተመረቅህ በኋላ ማመልከት ዘግይቷል። «ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ደውለው ስም ጠየቁ» ካሉህ ደግሞ መሄድ ያለብህ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ አያስነውርም። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሞክር።

የአካውንቲንግ ተማሪ፦ በየዓመቱ የሚቀጥር ሁሉ ጥሩ ቀጣሪ ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም፤ ይህን ማንሳትሽ ደግ ነው። ሰው ስለሚሸሸውም በየዓመቱ ሊቀጥር ይችላል። በየዓመቱ 4 ሰው ለ5 ዓመት ከቀጠረ 20 ናቸው። ዛሬ እዚያ ያሉት 5 ብቻ ከሆኑ 15ቱ የት ሄዱ? በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ተሻለ መደብና ወደ ታወቁ ድርጅቶች ከተሻገሩ፣ ቦታው ሙያ የሚማሩበት ነው፤ ብዙ የኦዲት ድርጅቶች እንዲህ ናቸው። በ6 ወር ከወጡና ከሙያው ውጭ የተበተኑ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። ከወጡት ሁለቱን ጠይቂ፤ እዚያው ካሉት ይልቅ በግልጽ ይነግሩሻል።

የመጨረሻ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ፦ የእኔም ሠንጠረዥ ተሠራ። እንደ ምሳሌዎ እንደ ለ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ 4 ዓመት በተከታታይ ቀጥሮ ባለፈው ዓመት ማንንም አልወሰደም። ልተወው?

ገና ነው። መጀመሪያ በዚያው ዓመት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ቀጥሮ እንደሆነ አጣራ። ከማንም ካልቀጠረ ቅጥር አቁሞ ይሆናል፤ ሲከፍት ይመለሳል። ከሌላ ቦታ ከቀጠረ ግን የተበጠሰው ግንኙነቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ትምህርት ክፍል የሚቀጠረው አንድ ሰው እዚያ ስላለ ነው፤ ያ ሰው ሲለቅ ወይም ሲዛወር ልማዱም አብሮት ይሄዳል። ይህን ለክፍሉ ኃላፊ ንገር፤ አንድ የስልክ ጥሪ የሚመልሰው ነገር ሊሆን ይችላል።

ስንት ዓመት ይጠበቅ በሚለው ላይ ግን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አልተስማማንም። እኔ ሁለት ዓመት ባዶ የሆነውን ወደ ታች አወርደዋለሁ። አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ ደግሞ አንድም ምሩቅ እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ መሰረዝ የለበትም ትላለች፤ እሷ ያልሰረዘቻቸው ተመልሰው የመጡበት ጊዜም አለ። አንተ ዘንድሮ ማመልከቻህን ላክ፤ ጊዜህን ግን በየዓመቱ ሳያቋርጡ በቀጠሩት ላይ አውል።