ሲትአፕ እየሰራህ ዴድሊፍት ላይ ወገብህ ለምን ይጎብጣል

«በየቀኑ ሲትአፕ እሰራለሁ ሆዴም ጠንካራ ነው፣ ግን ዴድሊፍት ላይ 100 ኪሎ ስደርስ ወገቤ ይጎብጣል፣ ሳነሳም ወደ አንድ ጎን የምዞር ይመስለኛል። ለኮር ምን ልስራ?»

ብሮ ሲትአፕ የሚያሰራህ ወገብ ማጠፍን ነው፣ ዴድሊፍት ደግሞ ወገብህ እንዳይንቀሳቀስ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ብትጨምረውም ለዚህ ብዙ አይረዳህም።

መጀመሪያ አተነፋፈስህን አስተካክል። ጉልበትህን አጥፈህ በጀርባህ ተኛና ጣቶችህን ከጎድን አጥንትህ በታች ጎንና ጎንህ ላይ አድርግ፣ አየር ስትስብ ጣቶችህ ወደ ውጪ መገፋት አለባቸው፣ ደረትህ ብቻ ከተነሳ አልሆነም። ከዛ አየሩን ይዘህ ሆድህን ሰው ሊመታህ እንደመጣ አጠንክረው፣ ወደ ውስጥ ግን እንዳትስበው (ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው የሚሳሳተው)። ዴድሊፍት ላይ ይሄን ባሩን ከመሳብህ በፊት አድርገህ ቀጥ ብለህ እስክትቆም ያዘው፣ ለሚቀጥለው ደግሞ እንደ አዲስ። ደም ግፊት ካለብህ ግን ትንፋሽ አፍኖ መያዝ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትጀምር።

ለመዞሩ ደግሞ መጀመሪያ አያያዝህን እይ። አንድ መዳፍ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ አድርገህ የምትይዝ ከሆነ ማዞሩ ከዛ ሊሆን ይችላል፣ እጅ ቀያይረህ ሞክር። ካልሆነ ፓሎፍ ፕሬስ ስራ፦ ኬብሉን ወይም ላስቲኩን በደረትህ ቁመት አድርገህ ጎንህን ሰጥተህ ቁም፣ እጀታውን በሁለት እጅህ ደረትህ ላይ ያዝና ወደ ፊት ግፋው፣ እጅህ ሲዘረጋ 2 ሰከንድ ቆይ። ኬብሉ ሊያዞርህ ይጎትታል አንተ እምቢ ትላለህ፣ ስራው ይሄ ብቻ ነው። በየጎኑ 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። ትከሻህ ወይም ዳሌህ ወደ ማሽኑ ከዞረ ከብዶሃልና ቀንስ።

ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሱትኬስ ካሪ ነው፣ በአንድ እጅ ብቻ ዳምቤል ይዞ መሄድ። በሁለት እጅ ስትይዝ ክብደቱ ግራና ቀኝ ስለሚመጣጠን ብዙ ልትሸከም ትችላለህ፣ በአንድ እጅ ሲሆን ግን ያኛው ጎንህ እንዳትጋደል ሙሉ መንገዱን ይሰራል። 80 ኪሎ የምትመዝን ከሆነ በ20 ኪሎ ጀምር፣ 30 ሜትር ያህል ቀስ ብለህ ሂድ፣ እጅ ቀይረህ ተመለስ፣ 3 ዙር። እዚህ ትንፋሽ አታፍንም፣ ሆድህን እንዳጠነከርክ አጭር አጭር ትተነፍሳለህ፣ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ከፊት ለፊት ቪዲዮ ተቀረጽ፣ ዳምቤሉን ሸሽተህ ወደ ባዶው እጅህ ከተጋደልክ ወይ ደግሞ የዳምቤሉ ትከሻ ከወረደ ክብደቱን አትጨምር። ቀጥ ብለህ ከጨረስክ በሚቀጥለው 2 ኪሎ ጨምር። እጅህ ቀድሞ ከደከመ መንገዱን አሳጥረው።

ሁለቱንም ከዋናው ሊፍት በኋላ ነው የምትሰራው፣ በፊት ከሰራኸው በደከመ ወገብ ነው ባር የምታነሳው። ፓሎፉን ዴድሊፍት ቀን፣ ካሪውን ስኳት ቀን አድርገው። 100 ኪሎውንም ለጊዜው ተወውና ወገብህ ሳይጎብጥ የምታነሳው 80 ወይ 85 ላይ ቆይ። ወገብህን የሚያምህና ህመሙ ወደ እግርህ የሚወርድ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ ተወውና መጀመሪያ ሐኪም ጋር ታይ።