ሶሉሽን ሲያልቅ በጨው ውሃ ያደረ ኮንታክት ሌንስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ24 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። በየወሩ የሚቀየር ኮንታክት ሌንስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ብዙ ጊዜ የማደርገው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለሆነ አንዱን ጥንድ ሦስት ወር ያህል እጠቀምበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን የእህቴ ሠርግ፣ መልስና ቅልቅል ስለነበረ በየቀኑ አደረግሁት። መሀል ላይ የሌንሱ ማጽጃ ሶሉሽን አለቀብኝና ውሃ አፍልቼ፣ ጨው ጨምሬ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌንሱን አራት ሌሊት በእሱ አሳደርኩት። ከትናንት ጀምሮ ግራ ዓይኔ ቀልቷል፣ ብርሃን ሳይ ያስለቅሰኛል። ከፋርማሲ ጠብታ ገዝቼ ልሞክር ወይስ በራሱ ይለቀኛል? ውሃው የፈላ ስለሆነ ጉዳት ያለው አልመሰለኝም ነበር።

መልስ፦ ሁለቱንም ሌንስ አሁኑኑ ያውጡ። የቀላው ግራው ብቻ ቢሆንም የቀኙም በዚያው ውሃ ያደረ ነውና አብሮ ይውጣ። ከዚያ መነጽርዎን አድርገው፣ ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ የዓይን ስፔሻሊስት ወዳለበት ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ሌንሶቹንና ማስቀመጫቸውን አይጣሉ፣ አይጠቧቸውም፤ እንዳሉ ከድነው ይዘው ይሂዱ፤ ከዓይንዎ የሚወሰደው ናሙና ምንም ባያሳይ እንኳ ማስቀመጫው ውስጥ የሚገኘው ተህዋስ ለሐኪሙ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል። ዓይንዎንም በጥጥ ወይም በፋሻ አይሸፍኑት።

በራስዎ ጠብታ እንዳይጀምሩ የምለው በተለይ በአንድ ምክንያት ነው። ለቀላ ዓይን ከፋርማሲ በቀላሉ ከሚገዙት ጠብታዎች መካከል ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ከአንቲባዮቲክ ጋር የተቀላቀለባቸው አሉ። ስቴሮይድ መቅላቱንና ሕመሙን ለሁለት ሦስት ቀን ስለሚያበርደው ሰውዬው የዳነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የበረደው የሰውነት መከላከያ እንጂ ጀርሙ አይደለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጀርሙ ያለ ከልካይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አንቲባዮቲክ ብቻውን ቢሆንም ናሙና ሳይወሰድ ከተጀመረ የትኛው ተህዋስ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል።

አጣዳፊነቱ ከኮርኒያ አፈጣጠር ይመጣል። ኮርኒያ በጥቁሩ የዓይናችን ክፍል ፊት ያለው፣ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፈው ሽፋን ሲሆን መሀሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥራቱን ጠብቆ ብርሃን እንዲያሳልፍ የደም ሥር የለውም፤ አብዛኛውን ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየር ነው፣ በእንባ በኩል። ሌንስ በላዩ ሲቀመጥ ይህ ኦክስጅን ይቀንስበታል፤ ሌንሱ የቆሸሸ ወይም ያረጀ ከሆነ ደግሞ የላይኛውን ቆዳ ይፍቀዋል። በተፋቀው ቦታ የሚገባ ጀርም ቶሎ የሚደርስበት ደም አያገኝም። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ፣ ማለትም በሌንስ ተጠቃሚዎች ላይ ደጋግመን የምናገኘው ጠላት፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ኮርኒያን ሊያቀልጥ ይችላል። መስታወት ፊት ቆመው ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካዩ፣ መግል ከወጣዎ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ያለብዎት ለዚህ ነው። ነጭ ነጥብ አለመታየቱ ግን መዘግየትን አይፈቅድም።

አሁን ወደ ጨው ውሃው ልምጣ፤ ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ስለሚያስብ ሰፋ አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ማፍላት አብዛኛውን ጀርም እንደሚገድል እውነት ነው። ይሁንና ውሃው ከምድጃ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ ምንም የሚከላከልለት ነገር የለም፤ የቀዘቀዘበት ብርጭቆ፣ የጨመሩበት ጨው፣ ሌንሱን ያነሱበት ጣትና አሮጌው ማስቀመጫ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጀርም ያመጡለታል። ጨው ደግሞ ውሃውን ወደ እንባ ጣዕም ያቀርበዋል እንጂ ጀርም አይገድልም። ፋርማሲ የሚሸጠው ንጹሕ የጨው ውሃ፣ ማለትም ሳላይን፣ እንኳ ለማለቅለቅ እንጂ ሌንስን ለማሳደር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሌንስ ተጠቃሚዎች የጨው ክኒን በተጣራ ውሃ እያሟሙ ቤታቸው ሳላይን ያዘጋጁ ነበር፤ ቀደም ሲል ብርቅ የነበረ አንድ የኮርኒያ በሽታም በእነሱ መካከል ተበራክቶ ተገኘ። የበሽታው መንስኤ አካንታሚባ ነው።

አካንታሚባ በአፈር፣ በሐይቅ፣ በቧንቧ ውሃና በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ተህዋስ ነው። ሲመቸው ባክቴሪያ እየበላ ይንቀሳቀሳል፤ ሳይመቸው ድርብ ግድግዳ ያለው ቅርፊት ሠርቶ ይተኛል። ይህ ቅርፊት በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለውን ክሎሪን ይቋቋማል። በየግቢያችን ማማ ላይ የተሰቀለው ሮቶ፣ ውሃ የሚቆምበትና ግድግዳው የሚያሟልጭ እንደመሆኑ፣ ለእሱ ምቹ ቤት ነው። ውሃውን የሚጠጣ ሰው በዚህ አይታመምም፤ ሌንስ ላይ ሲጣበቅ ግን ሰዓታት ሙሉ ከኮርኒያ ጋር ተጫኖ ይውላል።

ከዓመታት በፊት ያከምኳት አንዲት ተማሪ ሌንሷን በውሃ አሳድራ አታውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ማስቀመጫውን ቧንቧ ስር ታለቀልቀው ነበር። ወደ እኔ ስትመጣ ከታመመች አራት ሳምንት አልፏት ነበር። ቀደም ብሎ የታየችበት ቦታ በሽታውን ከሄርፒስ ጋር አምታተውት ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ስለሚመሳሰሉ በዚህ ብዙ አልፈርድም። የሚለየው ሕመሙ ነው፦ ዓይኑ ሲታይ ያን ያህል የከፋ ነገር የለውም፣ በሽተኛዋ ግን እንቅልፍ አጥታ ታለቅሳለች። በዚያ ሳምንት ኮርኒያዋ ላይ ነጭ ቀለበት መሥራት ጀምሮ ነበር፤ ቀለበት የዘገየ ምልክት ነው። በቅርብ ፋርማሲ የማይገኝ፣ ለብቻው የሚቀመም የክሎረሄክሲዲን ጠብታ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጭምር፣ ከዚያም እየተቀነሰ ለስምንት ወር ተሰጣት። ዓይኗ ተረፈ፤ የቀረው ጠባሳ ግን መሀል ላይ ስለሆነ በዚያ ዓይን ከሰንጠረዡ የምታነበው የላይኛውን ትልቅ ፊደል ብቻ ነው። አሁን አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ትጠብቃለች።

የእርስዎ ይህ ነው ማለቴ አይደለም። ምልክቱ ከጀመረ አንድ ቀን ነው፤ ቀላል ፍቀት ብቻም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ቢጫ ቀለም ያለው ወረቀት ዓይንዎን አስነክቶ በሰማያዊ ብርሃን ሲያይ የተፋቀው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል፤ ነጭ ቁስለት ካለበት ከዚያ ላይ ናሙና ይፍቃል። ሌንስ በውሃ እንዳሳደሩ ሳይጠየቁ ይንገሩት፤ ብዙ ሕመምተኛ ስለሚያፍር ይህን ይደብቃል፣ እኛም በተሳሳተ መንገድ ሳምንታት እናባክናለን።

ሶሉሽንን በሚመለከት ከማለቁ ይልቅ የሚያሳስበኝ እንዳያልቅ ተብሎ የሚደረገው ነው። ዋጋው ስለሚከብድ የትናንቱን ሳይደፉ በላዩ ጥቂት ጨምሮ መሙላት የተለመደ ነው። ያደረ ሶሉሽን ግን ጉልበቱን ጨርሷል፤ አዲሱን ያቀጥነዋል እንጂ አይረዳውም። አሠራሩ እንዲህ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ክር በማይለቅ ፎጣ እስኪደርቅ ያብሱ፣ በእርጥብ ጣት ሌንስ መንካት ያው ውሃ መንካት ነውና። ሌንሱን መዳፍዎ ላይ አስቀምጠው ሶሉሽን ያንጠባጥቡበትና በሌላው እጅ ጣት እያንዳንዱን ገጽ 20 ሰከንድ ያህል ቀስ ብለው ይሹ፤ ጠርሙሱ «ማሸት አያስፈልግም» ቢልም ይሹት። ከዚያ በሶሉሽን አለቅልቀው በአዲስ ሶሉሽን በተሞላ ማስቀመጫ ውስጥ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ሰዓት ያቆዩት፤ ለአብዛኞቹ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ጠዋት ሌንሱን ሲያወጡ ማስቀመጫውን ይድፉ፣ በሶሉሽን ያለቅልቁ፣ በንጹሕ ሶፍት ይጥረጉና ክፍቱን ደፍተው ያድርቁት። ማስቀመጫው በየሦስት ወሩ ይጣላል፤ ውስጡ የሚያሟልጭ ከሆነ ከዚያም በፊት።

የአንድ ወር ሌንስ ዕድሜ የሚቆጠረው እሽጉ ከተከፈተበት ቀን ነው፤ ስምንት ቀን ብቻ ቢያደርጉትም 30ኛው ቀን ላይ ያበቃል። በማያደርጉባቸው ቀናትም ከእንባ የያዘው ፕሮቲንና ቅባት ላዩ ላይ እያረጀ፣ የተኛበት ሶሉሽንም እየደከመ ይሄዳል። የሚያደርጉት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ ማታ የሚጣለው የአንድ ቀን ሌንስ ይሻልዎታል፤ ሶሉሽንም ማስቀመጫም አይፈልግም፣ ወጪውም ሲደመር እንደሚፈራው አይሆንም። ሲገዙ ደግሞ የማብቂያው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር የታተመ መሆኑን አይርሱ፤ በእኛ ካሰቡት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ሰባት ስምንት ዓመት የቀረው ይመስላል።

ሌንስ እንዳደረጉ መተኛት ጀርም ወደ ኮርኒያ የሚገባበት ሌላው ዋና መንገድ ነው፤ አደጋውን ከስድስት እስከ ስምንት እጥፍ እንደሚያሳድገው ይገመታል። ከሠርግ ማታ ደክሞ መጥቶ በዚያው ማሸለብም ይቆጠራል። ሻወር ሲወስዱ፣ ሲዋኙ ወይም ፍል ውሃ ሲገቡ አስቀድመው ያውጡት። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም እንደዚሁ፤ ለውዱእ ፊቱን የሚታጠብ ደግሞ ቢያንስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን አድርቆ ይግለጥ።

ሶሉሽኑ ማታ ካለቀ ሌንሱን ይጣሉትና በማግስቱ በመነጽር ይውጡ። አሁን ያሉትን ሌንሶች ግን ዓይንዎ ቢድንም ዳግም አያድርጓቸው፤ ሐኪሙ ኮርኒያዎ እንደዳነ አይቶ ሲፈቅድልዎ በአዲስ ጥንድ፣ በአዲስ ማስቀመጫና ባልተከፈተ ጠርሙስ ይጀምራሉ።