በሳምንት የወረደው 4 ኪሎ ለምን ተመለሰ?

«ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ለአንድ ሳምንት ሻይና ሾርባ ብቻ እየጠጣሁ 4 ኪሎ ቀነስኩ፤ መብላት ስጀምር ግን ወዲያው ተመለሰ። ለምን?»

ከወረደው ክብደት አብዛኛው ስብ ሳይሆን ውኃ ነበር። በጉበትና በጡንቻ የሚከማቸው ስኳር በእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ምግብ በድንገት ሲቋረጥ ስኳሩ ይቃጠላል፣ ውኃውም በሽንት ይወጣል፤ ወደ እንጀራውና በሶው ሲመለሱ ሁለቱም ይመለሳሉ።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 4 ኪሎ ስብ በ7 ቀን እንዲቀልጥ በየቀኑ 4,400 ካሎሪ መጉደል ነበረበት፤ ይህ ደግሞ አብዛኛው ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚያወጣው ጉልበት ይበልጣል።

ከሚያወጡት ጉልበት በቀን 500 ካሎሪ ያህል አሳንሰው ቢመገቡ ግን በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀንሳሉ፤ ለብዙ ሰው ተገቢው ፍጥነትም ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው። ከድርሻዎ ወጥ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ማስቀረት ብቻውን 240 ካሎሪ ያህል ይቀንሳል፤ የቀረውን ከእራትዎ ግማሽ እንጀራ በመተውና በእግር በመሄድ ያሟሉታል።

ደጋግሜ ያየሁት ችግር፣ ሰዎች ለመክሳት ሲሉ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን ጭምር መተዋቸው ነው። እንዲህ ፕሮቲን ሲጎድል ከስቡ ጋር ጡንቻም ይጠፋል፣ ድካሙም ይበረታል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ምግብ ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል የደም ስኳርዎ አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል።