ደንበኛ ለማምጣት የወጣው ብር በስንት ወር ይመለሳል? 1.3 ወር ለምን እንዳልተቀበሉሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ ደሴ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ለፋርማሲዎች የሽያጭና የስቶክ መመዝገቢያ ሶፍትዌር በወርሃዊ ክፍያ የሚያቀርብ ድርጅት ለፋይናንስ ቦታ ፈተና ብሎ የቤት ሥራ ሰጠኝ። «አንድ ደንበኛ ለማምጣት ያወጣነው ወጪ በስንት ወር ይመለሳል?» ይላል። የማስታወቂያና የኮሚሽን ወጪውን ለደንበኞቹ ብዛት አካፈልኩ፣ የመጣውን ደግሞ ለወርሃዊ ክፍያው አካፈልኩና 1.3 ወር ሆነ። «እንደገና ሥሪው» ብለው መለሱልኝ። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው፤ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሰንጠረዡን አያይዣለሁ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ማካፈሉ ላይ ስህተት የለብሽም። ችግሩ ያካፈልሻቸው ቁጥሮች ናቸው። ከላይ ያስቀመጥሽው ወጪ ጎድሏል፣ ከታች ያስቀመጥሽው ገቢ ደግሞ በዝቷል። ሁለቱም ወሩን ስለሚያሳጥሩት ነው መልሱ ከእውነቱ ይህን ያህል የራቀው። የላክሽልኝን ሰንጠረዥ ይዘን እንሂድ።

ድርጅቱ ከጥር እስከ መጋቢት 40 ፋርማሲዎችን አስገብቷል። አንቺ የወሰድሽው ማስታወቂያውን 36,000 ብርና ኮሚሽኑን 24,000 ብር ነው፤ 60,000 ለ40 ሲካፈል 1,500 ይሆናል። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ግን «ደመወዝ» በሚለው ስር ሁለት የሽያጭ ሠራተኞች አሉ፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ። እያንዳንዳቸው በወር 12,000 ብር ያገኛሉ፤ የሦስት ወሩ 72,000 ነው። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ 7,920 ብር ይጨመርበታል። ትራንስፖርትና ስልክ ደግሞ 20,000 ብር። ሁሉም ሲደመር 159,920 ነው፤ ለ40 ሲካፈል 3,998 ይመጣል። ለስሌት እንዲመቸን 4,000 እንበለው።

ደመወዙን የተውሽው ደንበኛ መጣም አልመጣም የሚከፈል ስለሆነ ይመስለኛል። በአካውንቲንግ ትምህርት ቋሚ ወጪ ብለን ለብቻው ማስቀመጥ ለምደናል። እዚህ ግን የሚጠየቀው ወጪው ቋሚ ነው ወይ አይደለም ሳይሆን ለምን ተብሎ ወጣ ነው። ሠራተኛው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለች ፋርማሲ ሲደርስ ባለቤቷ መድኃኒት ፈላጊ ከቧት «ነገ ተመለስ» ትለዋለች። በነጋታው ሲመለስ ግማሹን አሳይቷት ስልክ ይጠራባታል። በሦስተኛው ቀን ትፈርማለች፣ ወይም አልፈልግም ትለዋለች። ድርጅቱ ደመወዝ የሚከፍለው ለዚህ ምልልስ ነው፤ እንቢ ባሉት ፋርማሲዎች ላይ የባከነውን ቀንም የሚሸከሙት እሺ ያሉት 40ዎቹ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ሰንጠረዡ ላይ አላየሁም። አዲስ ፋርማሲ ሲገባ መደርደሪያው ላይ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነዋጋውና ከነማብቂያ ቀኑ አንድ ጊዜ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። የዚያ ሰው ወጪ የት እንደተመዘገበ ጠይቂያቸው። እኔ ብሆን ከላይ እጨምረዋለሁ፤ በየወሩ የማይደገም ስለሆነ ወርሃዊው ወጪ ውስጥ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ታችኛው ቁጥር። ወርሃዊ ክፍያው ደረሰኝ ላይ 1,150 ብር ነው፤ አንቺም ያካፈልሽው ለ1,150 ነው። ከዚህ ውስጥ 150 ብሩ 15 በመቶ ቫት ነው፤ ድርጅቱ ሰብስቦ ለመንግሥት የሚያስገባው እንጂ ገቢው አይደለም። ገቢው 1,000 ብር ነው። ያም ቢሆን ሁሉም ተርፎ አይቀርም፤ ፋርማሲው አገልግሎቱን እንዲያገኝ በየወሩ ወጪ አለ። ሰንጠረዡ እንደሚያሳየው ለአንድ ደንበኛ ለሰርቨርና ለኤስኤምኤስ 180 ብር፣ ስልክ ለሚያነሳውና ፕሪንተር እንቢ ሲል ለሚሄደው ቴክኒሻን 200 ብር፣ ለክፍያ መሰብሰቢያ 20 ብር ይወጣል። 400 ብር ሲቀነስ 600 ይቀራል። ይህ ነው ግሮስ ማርጂን የሚባለው፤ ከገቢው 60 በመቶ ማለት ነው።

እንግዲህ 4,000 ለ600 ሲካፈል 6.67 ይሆናል። ክፍያው በወር አንዴ ስለሚገባ ወጪው ተመልሶ የሚያልቀው በሰባተኛው ክፍያ ነው። የጠበቁት መልስ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን እዚህ ላይ አታቁሚ።

ለምን በግሮስ ማርጂን እንደሚሰላ ከጠየቁሽ ምክንያቱ ግልጽ ነው። 400 ብሩ በየወሩ ገብቶ በየወሩ የሚወጣ ነው፤ የቆየውን የ4,000 ብር ጉድጓድ መድፈን አይችልም። የሶፍትዌር ሠሪዎቹ ደመወዝና የቢሮ ኪራይስ የት ገቡ ሊሉሽም ይችላሉ። «ነገ 40 ፋርማሲዎች ቢጨመሩ ይህ ወጪ አብሮ ይጨምራል ወይ?» ብለሽ ፈትኚው። የቴክኒሻኑ ይጨምራል፣ የሰርቨሩም ይጨምራል፤ ኪራዩ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ኪራዩ ከላይም ከታችም አይገባም። ከዚህ የተነሳ ሰባት ወር ሲሞላ ድርጅቱ አተረፈ ማለት አይደለም፤ ከስምንተኛው ወር ጀምሮ የሚገባው 600 ብር ገና ኪራዩንና የሠሪዎቹን ደመወዝ መሸፈን አለበት።

የሰርቨሩን ቁጥር ለብቻው ተመልከቺው፤ ኪራዩ በዶላር የሚከፈል ከሆነ እንደሌሎቹ ረግቶ አይቀመጥም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በብር እንዴት እንደናረ ታስታውሻለሽ። የፋርማሲው ክፍያ ግን በብር ነው፤ ወዲያው አይጨመርም። 180 ብሩ 280 ቢሆን ማርጂኑ ወደ 500 ይወርዳል፣ መመለሻውም ስምንት ወር ይሆናል። በሽያጭ በኩል ምንም ሳይበላሽ ከአንድ ወር በላይ ይረዝማል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ እንድትዘጋጂበት የምፈልገው ግን የሚለቁ ደንበኞችን ጉዳይ ነው። ሰባት ወር ስንል 40ዎቹም ሰባቱን ወር ሙሉ ይከፍላሉ ብለን ነው። እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ፋርማሲው ይዘጋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ልጅ ሥራ ትለቅና ባለቤቱ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ሰንጠረዡ ላይ በየወሩ ስንት እንደሚለቁ አልተጻፈም፤ ለምሳሌ ከአሥሩ አንዱ ይለቃል ብለን እንያዝ።

በመጀመሪያው ወር 40ዎቹም ይከፍላሉ፤ 24,000 ብር ማርጂን ይገባል። በሁለተኛው ወር 36 ይቀራሉ፣ 21,600 ብር። በሦስተኛው 32 ገደማ፣ እንዲህ እያለ ይሳሳል። ሰባተኛው ወር ሲያልቅ ከ160,000 ብሩ የተመለሰው 125,000 ያህል ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው በ11ኛው ወር ነው፤ ያን ጊዜ ከ40ዎቹ የሚከፍሉት 14 ገደማ ናቸው። ኤክሴል ላይ በአንድ መስመር ይወጣል፦

```
=LN(1-4000*0.10/600)/LN(1-0.10)
```

10.43 ይሰጥሻል። አሁን 0.10 የሚለውን ሁለቱም ቦታ ላይ በ0.15 ተኪው፤ ኤክሴል ቁጥር መስጠቱን ትቶ ስህተት ያሳይሻል። ቀመሩ ተበላሽቶ አይደለም። በየወሩ 15 በመቶ የሚለቅ ከሆነ አንድ ደንበኛ በአማካይ እስኪለቅ ድረስ የሚያስገባው ማርጂን 600 ለ0.15 ተካፍሎ 4,000 ብር ነው፤ የወጣበት ያህል ብቻ። ከዚያ በላይ የሚለቅ ከሆነ ወጪው መቼም አይመለስም፤ ተራው ስሌት ግን ያኔም «ሰባት ወር» ማለቱን አይተውም። ይህንን ፊታቸው ብትሠሪላቸው ሰንጠረዥ የምትሞላ ብቻ ሳትሆን ቁጥሩን የምትጠይቅ ሰው መሆንሽን ያያሉ። መልቀቁ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፦ ክፍያው ከመቆሙ በፊት ፋርማሲው ሽያጩን ሲስተሙ ላይ መመዝገብ ያቆማል። ሁለት ሳምንት ምንም ሽያጭ ያላስገባ ደንበኛ ቢከፍልም እንኳ ሊለቅ ነው ብለሽ ያዢው።

ጊዜ ካለሽ ከተሞቹን ለያዪያቸው። ከሰንጠረዥሽ እንደማየው ደሴ 30 ደንበኞች፣ ኮምቦልቻ 10 ናቸው። የደሴው ሠራተኛ ከነጡረታው 40,000 ገደማ፣ ኮሚሽኑ 18,000፣ ትራንስፖርቱ 8,000፣ ማስታወቂያው 24,000፤ ድምሩ 90,000፣ ለአንድ ደንበኛ 3,000 ብር። በአምስት ወር ይመለሳል። የኮምቦልቻው 40,000፣ 6,000፣ 12,000 እና 12,000፤ ድምሩ 70,000፣ ለአንድ ደንበኛ 7,000 ብር። መመለሻው 12ኛው ወር ላይ ይደርሳል። ሰባት ወር የሚለው አማካይ የሁለቱንም ከተማ እውነት አይናገርም። ኮምቦልቻ ይዘጋ ለማለት ግን አትቸኩዪ፤ የሦስት ወር ቁጥር ነው፣ አዲስ ሠራተኛ መንገዱን እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል። በየወሩ ያስገባቸው ደንበኞች እየጨመሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ለነጋዴና ለትንንሽ ድርጅቶች የሚሸጥ ሶፍትዌር ላይ 12 ወር ብዙ ጊዜ እንደ መለኪያ ይጠቀሳል። ብትጠቅሺው ችግር የለውም፤ ግን በየወሩ ከአሥሩ አንዱ ለሚለቅበት ድርጅት 12 ወር ረጅም መሆኑን አብረሽ ተናገሪ።

ማክሰኞ አንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ። ከላይ 4,000፣ ከታች 600፣ መልሱ ሰባተኛው ወር፤ ከስሩ ለሁለቱ ከተሞች ለየብቻ። ቀጥሎ «ባለፈው ዓመት ከገቡት ፋርማሲዎች ዛሬ የሚከፍሉት ስንት ናቸው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ቁጥሩን ከሰጡሽ ያቺን የኤክሴል መስመር እዚያው ሙይላቸው፤ ካልመዘገቡት ደግሞ ከተቀጠርሽ በመጀመሪያው ወር የምትሠሪው ይህንን መዝገብ መሆኑን ንገሪያቸው።